ሁለቱን የሥነ ምግባር ንድፈ ሐሳቦች በአንድ አጣብቂኝ ላይ እንዴት እናወዳድራለን? ከስላይድ እስከ መልስ ወረቀት

«ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ጉዳይ ላይ ተግብራችሁ አወዳድሩ» የሚለው የሥነ ምግባር ትምህርት የቤት ሥራ ጅማ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ነው። እዚህ የምንይዛቸው ሁለቱ፣ ድርጊትን በውጤቱ የሚመዝነው የፈላስፋው ቤንታም ዩቲሊታሪያኒዝምና ድርጊትን በግዴታ የሚመዝነው የፈላስፋው ካንት ንድፈ ሐሳብ ናቸው። የሚወድቁትም ስላይዱን ሳያነቡ ቀርተው አይደለም። የካንትን ክፍል ሲጽፉ «ሁሉም ሰው ቢዋሽ ኅብረተሰቡ ይጎዳል» ይላሉ። ጉዳትን ቆጥሮ መፍረድ ግን የቤንታም ሥራ ነው። ወረቀቱ በሁለት ርዕስ አንዱን ንድፈ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ይተገብራል፤ የሚወዳደር ነገር አይኖረውም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህ እንዳይሆን የተዘጋጀ ነው። አንድ የቡና ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ሁለት ባዶ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ያዙ። ስላይዱን ለዝግጅቱ ብቻ ክፈቱት፤ ከዚያ በኋላ ዝጉት። አጠገባችሁ ክፍት ሆኖ ከቆየ ትርጉሙን መገልበጥ ትጀምራላችሁ።

ዝግጅት፦ ከየወገኑ አንድ ብቻ ምረጡ

ስላይዶች አብዛኛውን ጊዜ ንድፈ ሐሳቦቹን በሁለት ትልልቅ ርዕሶች ሥር ይከምራሉ። ውጤት ተኮር በሚለው ሥር ራስ ወዳድነት (ኢጎይዝም)፣ የድርጊት ዩቲሊታሪያኒዝምና የደንብ ዩቲሊታሪያኒዝም ይገኛሉ። ግዴታ ተኮር በሚለው ሥር ደግሞ መለኮታዊ ትእዛዝ፣ መብት፣ የካንት ካቴጎሪካል ኢምፔራቲቭና የሮስ ግዴታዎች ይደረደራሉ። ሁሉንም ለመተግበር አትሞክሩ።

ከመጀመሪያው ወገን የድርጊት ዩቲሊታሪያኒዝምን ውሰዱ። ይህ ጄረሚ ቤንታም በ1789 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ያሳተመው መንገድ ነው፤ ከፊታችሁ ካሉት አማራጮች መካከል ለሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ተደምሮ የበለጠ ደስታ ወይም ያነሰ ሥቃይ የሚያስገኘው ትክክለኛው ነው ይላል። ከሁለተኛው ወገን ካንት በ1785 ያቀረበውን ካቴጎሪካል ኢምፔራቲቭ ውሰዱ፤ እሱ የሚጠይቀው ድርጊቱ የተመሠረተበት መርህ ለሁሉም ሕግ ሊሆን ይችል እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ራስ ወዳድነትን ከዩቲሊታሪያኒዝም ጋር አትቀላቅሉ፤ በቤንታም ስሌት ውስጥ የወሳኙ ሰው ደስታ እንደማንም ሌላ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ካንትንና ሮስን ማደባለቅ ነው። ፈላስፋው ሮስ በ1930 ያቀረባቸው ግዴታዎች እርስ በርስ ይመዘናሉ፤ በሁኔታው የከበደው ያሸንፋል። «በካንት መሠረት የመዋሸት ክልከላው በእርዳታ ግዴታ ይበለጣል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሙ የካንት፣ አሠራሩ የሮስ ሆኗል።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩን ጻፉና ቆልፉት

አጣብቂኙን ከስምንት መስመር ባልበለጠ ጻፉ። በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ወደ ቀበሌ የምትወጡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ ከምታዩት ጉዳይ መነሣት ትችላላችሁ፤ ሰውና ቦታ የሚያሳውቅ ዝርዝር ግን አውጡበት። የእኛ ጉዳይ ለልምምድ የተፈጠረ ነው፤ እንዲህ ይነበባል፦

በአጋሮ አቅራቢያ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር 100 ጆንያ ቡና ለላኪ ሊያስረክብ ነው። ውሉ የእያንዳንዱ ጆንያ እርጥበት ተለክቶ ከ12 በመቶ እንዳልበለጠ የሚያረጋግጥ ፊርማ ይጠይቃል። የስድስቱ ጆንያ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳለ ዝናብ መትቶት እርጥበቱ 15 በመቶ ሆኗል፤ ከሌላውም ጋር ተቀላቅሏል። ጥራት መዝጋቢዋ ይህን ታውቃለች። ከፈረመች ክፍያው በሦስት ቀን ለ80 አባወራዎች ይደርሳል። ካልፈረመች ቡናው እንደገና ደርቆ እስኪለቀም ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ትፈርም?

አሁን ስላይድ የማይነግራችሁን ነገር አድርጉ፤ ጉዳዩን ቆልፉት። ከሥሩ «የተቆለፉ እውነታዎች» ብላችሁ ስሌቱ የሚፈልገውን ሁሉ አስቀምጡ። ለእኛ ጉዳይ እነዚህን እንያዝ። ባትፈርም እያንዳንዱ አባወራ 1,000 ብር ያጣል። ብትፈርም ላኪው በተበላሸው ቡና 20,000 ብር ይከስራል። ስድስቱ ጆንያ ከዚህ ማኅበር የወጡ መሆናቸው የመታወቁ ዕድል ከአሥር አንድ ነው፤ ከታወቀ የሚቀጥለው ዓመት ውል ይሰረዝና እያንዳንዱ አባወራ 6,000 ብር ያጣል። በማንም ጤና ላይ ጉዳት አይደርስም። ለላኪው እውነቱን ብትነግረውም አይቀበልም፤ ስለዚህ መናገርና አለመፈረም አንድ ውጤት አላቸው።

የመጨረሻው መስመር ለምን አስፈለገ? ብዙ ወረቀት መሃል ላይ ሲደርስ «ላኪውን ብታስፈቅደውስ?» ብሎ በሦስተኛ በር ስለሚያመልጥ ነው። ሦስተኛ መንገድ ካለ ከመጀመሪያው ከአማራጮች ጋር አስገቡት፤ ከሌለ በአንድ እውነታ ዝጉት። አንዴ ከቆለፋችሁ በኋላ ለአንዱ ንድፈ ሐሳብ እንዲመች ብላችሁ አንድ ቁጥር እንኳ አትንኩ። በተለያዩ እውነታዎች ላይ የተገኙ ሁለት ፍርዶች አይወዳደሩም።

ደረጃ 2፦ ዩቲሊታሪያኒዝምን አስሉ

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ «ትፈርማለች» እና «አትፈርምም»። በግራ በኩል የሚነኩትን ሰዎች ጻፉ፤ 80ው አባወራ፣ ላኪው፣ መዝጋቢዋ። ቤንታም ደስታንና ሥቃይን የሚመዝነው በሰባት መለኪያ ነው። ለዚህ ሥራ አራቱ ይበቃሉ፤ ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው፣ ስንት ሰው ይነካል።

አሁን ደምሩ። ካልፈረመች 80 አባወራ እያንዳንዱ 1,000 ብር ያጣል፤ ጉዳቱ 80,000 ብር ነው። ከፈረመች የላኪው 20,000 ብር የተረጋገጠ ነው። የውሉ መሰረዝ ግን ዕድል ስለሆነ ሙሉውን አትደምሩ፤ 6,000 በ80 ሲባዛ 480,000 ይሆናል፣ ከአሥር አንዱ 48,000 ነው። አንድ ላይ 68,000 ብር። 68,000 ከ80,000 ስለሚያንስ በተቆለፉት እውነታዎች መሠረት የድርጊት ዩቲሊታሪያኒዝም «ትፈርም» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይደነግጥና ፍርዱን ይቀለብሳል። አትቀልብሱት። ንድፈ ሐሳቡ የማይወደድ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሥራችሁ ወደሚያደርሳችሁ ድረስ መከተል ነው።

ይልቅ ሁለት ነገር አርሙ። አንደኛ፣ ብር ደስታ አይደለም፤ ለመለኪያ የተዋስነው ምትክ ነው። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ገንዘብ የሚጠብቅ አባወራ የሚያጣው 1,000 ብር ላኪው ከሚያጣው 1,000 ብር በላይ ያማል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ፍርዱን ወደ መፈረም የበለጠ እንደሚገፋውም ተናገሩ። ሁለተኛ፣ «አባወራዎቹ ብዙ ስለሆኑ ያሸንፋሉ» ብላችሁ ከሆነ ሰርዙት። ዩቲሊታሪያኒዝም የድምፅ ቆጠራ አይደለም። 80 ሰው አሥር አሥር ብር ቢያገኝና አንድ ሰው ቤቱን ቢያጣ የአንዱ ሥቃይ ሊበልጥ ይችላል።

በመጨረሻ ፍርዱ የሚገለበጥበትን ነጥብ ፈልጉ፤ ለደረጃ 5 ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ ወገኖች እኩል የሚሆኑት የመታወቁ ዕድል ከስምንት አንድ ሲሆን ነው፤ 480,000 ለስምንት ሲካፈል 60,000፣ ከ20,000 ጋር 80,000። ከዚያ ዕድሉ ከፍ ካለ ፍርዱ ወደ «አትፈርም» ይዞራል።

ደረጃ 3፦ የካንትን መርህ በቃል አስቀምጡ

ሁለተኛውን ወረቀት አውጡ፤ የመጀመሪያውን ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ቁጥሩ ከታያችሁ ወደ እሱ ትሳባላችሁ።

ካንት የሚፈትነው ድርጊቱን ብቻውን ሳይሆን መርሁን፣ ማለትም ማክሲሙን ነው። ማክሲም ሦስት ክፍል አለው፤ ሁኔታ፣ ድርጊት፣ ዓላማ። በዚህ ቅርጽ ሙሉት፦ «____ በሆነ ጊዜ፣ ____ ለማግኘት፣ ____ አደርጋለሁ።» የመዝጋቢዋ ማክሲም እንዲህ ይሆናል፦ «ወገኖቼ ገንዘብ በቸገራቸው ጊዜ፣ ክፍያ ቶሎ እንዲያገኙ፣ ሐሰት መሆኑን የማውቀውን ማረጋገጫ እፈርማለሁ።»

የዚህ ደረጃ ብልሽት ያለው በማክሲሙ ስፋት ላይ ነው። «በአጋሮ አጠገብ፣ በስድስት ጆንያ ምክንያት፣ ማክሰኞ ዕለት እፈርማለሁ» ያለ ሰው ማክሲሙን በጣም ስላጠበበው ማንኛውም ነገር ፈተናውን ያልፋል። «ወረቀት እፈርማለሁ» ያለ ደግሞ ውሸቱን ከውስጡ አውጥቶታል። መለኪያው ይህ ነው፤ መዝጋቢዋ «ለምን ፈረምሽ?» ብትባል በእውነት የምትሰጠውን ምክንያት ጻፉ። ስድስት ጆንያም ሆነ ማክሰኞ ምክንያቷ አይደሉም፤ ስለዚህ ማክሲሙ ውስጥ አይገቡም። ሐሰት መሆኑን ማወቋ ግን የድርጊቱ አካል ነው፤ አይወጣም።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ፈተናዎች አካሂዱ

የመጀመሪያው ፈተና የሁለንተናዊ ሕግ ነው። በችግር ጊዜ ሐሰተኛ ማረጋገጫ መፈረም የሁሉም ሰው የታወቀ አሠራር የሆነበትን ዓለም አስቡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ በዚያ ዓለም ውስጥ የእሷ ድርጊት ዓላማውን ማሳካት ይችላል?

አይችልም። የተቸገረ ሁሉ የሚፈርምበት ወረቀት ማረጋገጫነቱ ይጠፋል፤ ላኪም በእሱ ላይ ተመሥርቶ አይከፍልም። መዝጋቢዋ የምትፈልገው ፊርማዋ እንዲታመን ነው፤ ማክሲሟ ሕግ ሲሆን ግን ፊርማ የሚታመንበትን ሁኔታ ራሱ ያፈርሳል። ማክሲሙ ራሱን ይቃረናል። ካንት በ1785ቱ ሥራው ገንዘብ ለመበደር በሐሰት ቃል የሚገባን ሰው ሲመረምር የተጠቀመበት መንገድ ይኸው ነው።

የመግቢያው ስህተት የሚፈጠረው በትክክል እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም በሉ። የጻፋችሁትን አንብቡና «መጥፎ»፣ «ይጎዳል»፣ «ይከስራል»፣ «ንግዱ ይዳከማል» የሚሉ ቃላት ካሉ ከሥራቸው አስምሩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ያለ እነሱ እንደገና ጻፉት። ክርክሩ ያለ እነሱ ቆሞ ከቀረ ካንት ነው፤ ከወደቀ ግን ስታሰሉ ነበር ማለት ነው። «ሁሉም ቢፈርም የኢትዮጵያ ቡና ስም ይጎድፋል» ስሌት ነው። «ሁሉም ቢፈርም ፊርማው የሚያሳካው ነገር አይኖርም» የካንት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የሰብአዊነት ነው፤ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ እንዳትጠቀሙበት ይከለክላል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አትዝለሉ። ላኪውን ለክፍያ መፈለግ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ንግድ ሁሉ እንዲህ ነው። ጥያቄው ላኪው እየተደረገበት ባለው ነገር ሊስማማ ይችል ነበር ወይ ነው። የመፈረሙ ዕቅድ የሚሠራው እሱ ካላወቀ ብቻ ስለሆነ የመስማማት ዕድሉ ከመነሻው ተወስዶበታል። በሁለቱም ፈተና ፍርዱ «አትፈርም» ነው።

የአባወራዎቹ ችግርስ? ካንት ጨርሶ አይጥለውም። ሌሎችን መርዳት በእሱ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ግን መቼና እንዴት እንደሚፈጸም ምርጫ የሚተው ያልተሟላ ግዴታ ነው። በሐሰት አለማታለል ደግሞ የተሟላ ግዴታ ስለሆነ መርዳቱ በማታለል መንገድ እንዲሄድ አይፈቅድም። ይህንንም አስገቡ፤ ካልገባ ካንት ለተቸገረ ሰው ደንታ የሌለው ተደርጎ ይነበባል፤ ንጽጽሩም ፍትሐዊ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ አንድ እውነታ ብቻ ቀይሩ፣ ማን እንደሚንቀሳቀስ እዩ

ንጽጽሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። «አንዱ ትፈርም ይላል፣ ሌላው አትፈርም ይላል» ብሎ ማቆም ሁለት ውጤቶችን መዘርዘር ነው። የሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች ልዩነት የሚያሳየው እያንዳንዱ የትኛውን እውነታ ሲነኩበት እንደሚነቃነቅ ነው። ስለዚህ ከተቆለፉት እውነታዎች አንዱን ብቻ ክፈቱ፣ ቀይሩ፣ ሁለቱንም ደግማችሁ አስኪዱ፣ ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

መጀመሪያ የመታወቁን ዕድል ከአምስት አንድ አድርጉት። 480,000 ለአምስት ሲካፈል 96,000፣ ከ20,000 ጋር 116,000 ብር ይሆናል፤ ከ80,000 ይበልጣል። ዩቲሊታሪያኒዝም ወደ «አትፈርም» ዞረ። ካንት ባለበት ነው። አሁን ሁለቱም አንድ ቃል ይናገራሉ፤ አንዱ «አትፈርም» የሚለው ሊታወቅ ስለሚችል ነው፣ ሌላው ግን ፈጽሞ ባይታወቅም ያንኑ ይላል። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ይህ ስምምነት ነው፤ በፍርዱ ሲገናኙ በምክንያቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ በግልጽ ያሳያል።

ዕድሉን ወደ ከአሥር አንድ መልሱ። ቀጥሎ ላኪው ስለ ስድስቱ ጆንያ አስቀድሞ አውቆ «ለውሉ ፋይል ስለሚያስፈልግ ብቻ ፈርሚ፣ ኪሳራውን እኔ እችላለሁ» ብሏል እንበል። አሁን የሚንቀሳቀሰው ካንት ነው። የሚታለል ላኪ የለም፣ ተስማምቷል፤ ማክሲሙም ተቀይሯል። ለዩቲሊታሪያኒዝም ግን የላኪው 20,000 ብር ኪሳራ እዚያው አለ፤ ፈቃዱ ቁጥሩን ካልቀየረ ምንም አይጨምርለትም። (ፋይሉን አምኖ የሚያነብ ሦስተኛ ሰው ካለ የካንት ጥያቄ ለእሱ እንደገና ይነሣል፤ ስለዚህ «ሌላ አንባቢ የለም» ብላችሁ ቆልፉ።)

ሦስተኛው ለውጥ እውቀቷ ነው። የእርጥበት መለኪያው ተበላሽቶ መዝጋቢዋ ሁሉም ጆንያ ደህና ነው ብላ ታምናለች እንበል። በቡናው፣ በብሩና በሰዎቹ ላይ የሚደርሰው አንድ ነው፤ ስለዚህ የስሌቱ ድምር አይለወጥም። የካንት ማክሲም ውስጥ ግን «ሐሰት መሆኑን የማውቀውን» የሚለው ሐረግ ጠፋ፤ ቀሪው «የለካሁትን አረጋግጬ እፈርማለሁ» ነው፤ ይህ ሕግ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ ለውጦች ይበቃሉ። አራተኛ ከፈለጋችሁ እርጥቡ ቡና ሻጋታ አውጥቶ ጠጪዎችን የሚያሳምም አድርጉትና የትኛው ወረቀት እንደሚንቀሳቀስ ራሳችሁ ሥሩ።

ደረጃ 6፦ ጻፉት

ሁለት ገጽ ከተፈቀደላችሁ ግማሹን ለደረጃ 5 ስጡት። ጉዳዩ ስምንት መስመር፣ ስሌቱ አንድ አንቀጽ፣ ካንት አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ፣ ቀሪው ለለውጦቹ። የንድፈ ሐሳቦቹን ትርጉም ለብቻው አትጻፉ፤ በትክክል ከተገበራችሁት ትርጉሙ በሥራው ውስጥ ይታያል። የትኛው ይሻላል የሚል ጥያቄ ከተጨመረ በለውጦቹ ላይ ተመሥርታችሁ መልሱ፤ ለምሳሌ «መዝጋቢዋ ማወቋ ለውጥ ማምጣት አለበት ብዬ ስለማምን፣ ያንን የማያይ ስሌት ለዚህ ጉዳይ አይበቃም» ይባላል። ያስቀመጣችሁት ምክንያት ከሦስቱ ለውጦች ወደ አንዱ መመለስ ካልቻለ የግል ስሜት ነው፤ አውጡት።

ሲበላሽ

*ሁለቱም ከመጀመሪያው አንድ ፍርድ ሰጡ።* ጉዳዩን አትጣሉ። የስሌቱን መገልበጫ ነጥብ ፈልጉና ከእሱ ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ ጊዜ አስኪዱ።

*ቁጥር የላችሁም።* ፈተና ላይ የተሰጠ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም። የራሳችሁን ግምት አስገቡና «እንበል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። «ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል» የሚል ደረጃም ይሠራል፤ ዕድሉን ግን አትተዉት፤ ሊደርስ የሚችል ጉዳት እንደደረሰ ጉዳት ከተቆጠረ ስሌቱ ሁልጊዜ ወደ ፍርሃት ያደላል።

*ማክሲሙ ራሱን አይቃረንም፣ ግን ድርጊቱ ስህተት ይመስላል።* «የተቸገረ ሳይ አልፋለሁ» የሚለው እንዲህ ነው፤ ሁሉም ቢያልፍ ዓለሙ ሊታሰብ ይችላል። ካንት እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ አለው፦ አንድ ቀን እናንተም መቸገራችሁ አይቀርምና ያንን ዓለም ልትፈልጉት ትችላላችሁ? ዓለሙ ሊታሰብ ቢችልም ሊፈለግ ካልቻለ ማክሲሙ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል፤ የተጣሰውም ያልተሟላ ግዴታ ነው ተብሎ ይጻፋል።

*መምህሩ «ካንትን በውጤት ፈረድከው» ወይም «ፈረድሽው» ብለው ከመለሱት።* ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና የማስመሩን ሥራ ድገሙት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ብቻ ሲስተካከል አንቀጹ ይድናል።